«ይበልጣል» ሲባል ለሚደምሩ ልጆች፦ የቃላት ፕሮብሌምን በሥዕል፣ በግምትና በማረጋገጥ የማስተማር አሠራር

በአራተኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ የሚከተለውን ይጻፉና ምንም ሳያብራሩ ልጆቹ በየደብተራቸው እንዲሠሩት ያድርጉ። «ማርታ 48 ብር አላት። የማርታ ገንዘብ ከወንድሟ ገንዘብ በ15 ብር ይበልጣል። ወንድሟ ስንት ብር አለው?» በወንበሮቹ መካከል ሲዘዋወሩ ከደብተር ደብተር 63 የሚል መልስ ያገኛሉ። መደመሩ ትክክል ነው፤ አሃዱ ከአሃድ፣ አሥሩ ከአሥር በታች ተስተካክሎ ተጽፏል። የተሳሳተው ስሌቱ ሳይሆን ታሪኩ ነው፤ ልጁ «ይበልጣል» የሚለውን ቃል አየ፣ ሁለት ቁጥሮች አገኘ፣ ደመረ።

ይህን ልማድ ልጆቹ ከራሳቸው አላመጡትም። እኔ ራሴ አራት ኪሎ አካባቢ በማስተምርበት ክፍል ግድግዳ ላይ ለብዙ ዓመታት አንድ ሰንጠረዥ ለጥፌ ነበር። «በጠቅላላ፣ በድምሩ፣ ይበልጣል» ከሚሉት ፊት ለፊት የመደመር ምልክት፣ «ቀረ፣ ያንሳል፣ ልዩነት» ከሚሉት ፊት ለፊት የመቀነስ ምልክት፣ «እያንዳንዱ» ከሚለው ፊት ለፊት የማካፈል ምልክት ተጽፎበታል። ሰንጠረዡ የሠራ ይመስል ነበር፤ ምክንያቱም በመጽሐፉ የመደመር ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ያሉት ፕሮብሌሞች ሁሉ በመደመር የሚሠሩ ናቸውና ልጁ ጽሑፉን ሳያነብ እንኳ ትክክል ያገኛል። ጉድለቱ የታየኝ በዓመቱ አጋማሽ የተቀላቀሉ ጥያቄዎች በቀረቡ ጊዜ ነው።

ከዚህ በታች የማቀርበው በዚያ ሰንጠረዥ ምትክ የምጠቀምበትን የስድስት ክፍለ ጊዜ አሠራር ነው። በሳምንት ሦስት ክፍለ ጊዜ ቢመደብለት በሁለት ሳምንት ያልቃል፤ እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ፣ ክፍሉም 50 ያህል ተማሪ ያለው እንደሆነ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ትኩረቱ የማወዳደር ፕሮብሌሞች ላይ ነው፤ ማለትም አንዱ ከሌላው በስንት እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ የሚናገሩት ላይ፤ ልጆቹ በብዛት የሚሰናከሉት በእነዚህ ስለሆነ። የሚያስፈልገው ዕቃ ትንሽ ነው፦ ካለቁ ደብተሮች የተቀደዱ ረጃጅም የወረቀት ቁራጮች፣ ማስመሪያ፣ እርሳስና እስክሪብቶ። እርሳሱም እስክሪብቶውም የሚፈለጉበት ምክንያት አለ፤ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ይታያል።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ሦስት ጥያቄዎች

ትምህርቱ ከመጀመሩ አንድ ቀን ቀደም ብለው 15 ደቂቃ ወስደው ሦስት ጥያቄዎች ያሠሩ። አንደኛው ቀጥተኛ ይሁን፦ «ሰላም 27 ብር አላት፤ የእህቷ ገንዘብ ከሰላም በ12 ብር ይበልጣል፤ እህቷ ስንት አላት?» ሁለተኛው ከላይ የተጻፈው የማርታ ጥያቄ ይሁን። ሦስተኛው ደግሞ መልስ የሌለው ይሁን፦ «አንድ ሚኒባስ ታክሲ ከሜክሲኮ 11 ሰው ጭኖ ተነሣ። ለገሃር ሲደርስ 4 ሰዎች ወረዱ። የሹፌሩ ዕድሜ ስንት ነው?»

የመጀመሪያውን አግኝቶ ሁለተኛውን የሳተ ልጅ ስሌት አይቸግረውም፤ ቃል እየለቀመ ነው የሚሠራው። ሁለቱንም የሳተው ምናልባት ማንበብ ወይም መደመር ቸግሮት ይሆናልና ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። ሦስተኛው ጥያቄ የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው። አንድ ተማሪዬ 44 ብሎ ጻፈ። ለምን እንዳባዛ ስጠይቀው «ቲቸር፣ ሹፌር የ7 ዓመት ልጅ አይሆንማ፤ 15ም አይሆንም» አለኝ። ልጁ ሦስቱንም ስሌት በሐሳቡ ሞክሮ ለሹፌር የሚመጥነውን መርጧል። ጥያቄው መልስ የለውም ማለት እንደሚፈቀድለት አልጠረጠረም እንጂ የቁጥርን ልክ መመዘን ያውቃል። ይህን ችሎታ በግምቱ ትምህርት ጊዜ እንጠቀምበታለን።

አንደኛ ክፍለ ጊዜ፦ ቁጥር የሌለው ታሪክ

በዚህ ቀን ሰሌዳው ላይ አንድም ቁጥር አይጻፍ። የሚከተለውን ታሪክ ሁለት ጊዜ ቀስ ብለው ያንብቡ፦ «ሁለት ወንድማማቾች ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግራቸው ይወርዳሉ። ታላቁ ከታናሹ የሚበልጥ ገንዘብ ይዟል። መንገድ ላይ ታላቁ ለታናሹ ከገንዘቡ ሰጠው፤ አሁን የሁለቱ እኩል ሆነ።» ከዚያ አንድ ልጅ መጽሐፍ ሳያይ፣ በራሱ አነጋገር ታሪኩን ይድገመው። ሌላው የጎደለውን ይሙላ። በቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች ካሉ ይህ መድገም ለእነሱ ከሁሉም በላይ ይጠቅማቸዋል፤ ቁጥር ስለሌለ ወደ ስሌት ሮጠው ማምለጥ አይችሉም።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ጥንድ ተማሪ አንድ ረጅምና አንድ አጭር የወረቀት ቁራጭ ይስጡ። ረጅሙ የታላቁ ገንዘብ፣ አጭሩ የታናሹ ነው። ሁለቱን በግራ ጫፋቸው አስተካክለው አንዱን ከሌላው በታች ያስቀምጡ፤ ከረጅሙ በቀኝ በኩል የተረፈው ልዩነታቸው ነው። አሁን ይጠይቁ፦ «እኩል እንዲሆኑ ታላቁ ምን ያህሉን ይስጥ?» አብዛኞቹ «ትርፉን በሙሉ» ይላሉ። አይከራከሯቸው፤ ትርፉን በሙሉ ቀደው በታናሹ ወረቀት ጫፍ ላይ እንዲቀጥሉት ይንገሯቸው። ታናሹ ይበልጣል። ክፍሉ ይንጫጫል፤ ከዚያ አንዱ ትርፉን ለሁለት አጥፎ ግማሹን ብቻ ይቀጥላል። ልጆቹ እዚህ ላይ ከአስተማሪያቸው ምንም ሳይሰሙ፣ ወረቀቱ የመጀመሪያ ሐሳባቸውን እንዳረመላቸው ያያሉ። ቀሪዎቹ አምስት ክፍለ ጊዜዎች የሚያርፉት በዚህ ልምድ ላይ ነው።

ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ፦ ከወረቀት ወደ አሞሌ

በዚህ ክፍለ ጊዜ ወረቀቱ በሥዕል ይተካል። እኔ ሥዕሉን አሞሌ እለዋለሁ፤ ቅርጹ በድሮ ጊዜ እንደ ገንዘብ ይሠራ የነበረውን ረጅም የጨው አሞሌ ስለሚመስል ነው፤ ልጆቹም ስሙን ወደዱት። እያንዳንዱ መጠን አንድ ረጅም ሬክታንግል ይሆናል። ሕጎቹ ሦስት ብቻ ናቸው። ሁለቱ አሞሌዎች በግራ በኩል ከአንድ ቀጥ ያለ መስመር ይጀምራሉ። የእያንዳንዱ ባለቤት ስም ከአሞሌው በስተግራ ይጻፋል። ምንም ስሌት ከመሠራቱ በፊት የማይታወቀው ክፍል ላይ የጥያቄ ምልክት ይቀመጣል።

የማርታን ጥያቄ በዚህ መንገድ እንሣለው። ከላይ የማርታ አሞሌ ይሣላል፤ ውስጡ 48 ይጻፋል። ከሥሩ የወንድሟ አሞሌ አጠር ተደርጎ ይሣላልና ውስጡ የጥያቄ ምልክት ይደረጋል። የማርታ አሞሌ ከወንድሟ አሞሌ አልፎ የወጣበት ክፍል በነጠብጣብ መስመር ይለያል፤ በላዩም 15 ይጻፋል። ሥዕሉ ሲያልቅ የወንድሟ ድርሻ ከ48 ላይ 15 ተቆርጦ የቀረው እንደሆነ ይታያል፤ 48 − 15 = 33።

ስህተቶቹ ይደጋገማሉና አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። አንዳንዱ ልጅ ማርታን ራሷን ከነሹሩባዋ፣ ከነቦርሳዋ ይሥላል፤ ይህ ጥፋት አይደለም፤ ግን ሰባት ደቂቃ ይበላል። «ገንዘቧን ብቻ ሣል» ይበሉት። ሌላው አሞሌዎቹን ከተለያየ ቦታ ያስጀምራቸዋል፤ ያኔ የትኛው እንደሚበልጥ በዓይን መለየት አይቻልም። ከሁሉም የሚከፋው ግን ሥዕሉ ውስጥ 48ን አንድ ቦታ፣ 15ን ራሱን የቻለ ሌላ አሞሌ አድርጎ የሚሥለው ነው። ይህ ልጅ 15 ብር የወንድሟ ገንዘብ ነው ብሎ አንብቧል፤ ሥዕሉ አለመግባባቱን በግልጽ ስላሳየዎት ስሌት እስኪሠራ አይጠብቁ፤ ወደ ዓረፍተ ነገሩ ይመልሱት።

ርዝመቱ በማስመሪያ መለካት አያስፈልገውም። ማስመሪያው መስመሩን ቀጥ ለማድረግ ብቻ ነው። 48 ብርን 48 ሚሊ ሜትር አድርጎ የሚለካ ትጉህ ልጅ አይጠፋም፤ እሱን ማመስገን ያስፈልጋል፤ ልማዱ ግን 4,800 ብር ሲመጣ ደብተሩ አይበቃውም።

ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ፦ ማን ነው የሚበልጠው?

ይህ ክፍለ ጊዜ ከሒሳብ ይልቅ የአማርኛ ትምህርት ይመስላል፤ ቢሆንም ከስድስቱ ሁሉ እጅግ አስፈላጊው እሱ ነው የሚል እምነት አለኝ። በቋንቋችን ባለቤቱ ብዙ ጊዜ አይጠራም፤ በግሡ ውስጥ ተሸሽጎ ይቀራል። «ሄለን 36 ብር አላት። ከዳዊት በ9 ብር ትበልጣለች» ሲባል «ትበልጣለች» የሚለው ግሥ ራሱ የምትበልጠው ሴቷ እንደሆነች ይነግረናል። «ካሳ 36 ብር አለው። ከዳዊት በ9 ብር ይበልጣል» ሲባል ግን ሁለቱም ወንዶች ናቸውና ግሡ አያግዝም፤ ልጁ «ከ» የሚለው ፊደል የተለጠፈበት ስም የሚያንሰው መሆኑን ማስተዋል አለበት። የፍጥነት ንባብ የሚያነብ ልጅ የመጨረሻውን ስም፣ ማለትም ዳዊትን፣ «ይበልጣል» ከሚለው ጋር ያያይዘዋል፤ ቅርብ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ይህን አሠራር ይከተሉ። ዓረፍተ ነገሩን ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። ልጆቹ «ከ» የተጫነበትን ስም ይክበቡት፤ የተከበበው አጭሩን አሞሌ ይወስዳል። ዓረፍተ ነገሩ «ያንሳል» የሚል ከሆነ ግን የተከበበው ረጅሙን ይወስዳል። ቀጥሎ ዓረፍተ ነገሩን ገልብጠው ይናገሩት፦ «ካሳ ከዳዊት በ9 ይበልጣል» የሚለው «ዳዊት ከካሳ በ9 ያንሳል» ይሆናል። ሁለቱም የሚሣሉት በአንድ ዓይነት ሥዕል ነው። እኔ አምስት ዓረፍተ ነገሮችን በዚህ መንገድ አስገለብጣለሁ፤ ምንም ስሌት አይሠራም። አንድ ልጅ «መቼ ነው የምንሠራው?» ብሎ ቢያጉረመርም ልክ ነው፤ ቢሆንም ይቆይ።

አንድ ጥንቃቄ፦ «በ3 ይበልጣል» እና «3 እጥፍ ነው» የሚባሉትን በአንድ ቀን አያምጧቸው። እጥፉ ሲመጣ አጭሩ አሞሌ አንድ ሣጥን፣ ረጅሙ እኩል የሆኑ ሦስት ሣጥኖች ሆኖ ይሣላል። «በሦስት እጥፍ ይበልጣል» የሚለውን አነጋገር ግን ጨርሶ አይጠቀሙበት፤ አንዱ ሦስት ሣጥን፣ ሌላው አራት ሣጥን ይሥልበታል፤ ሁለቱም የሚከራከሩበት በቂ ምክንያት አላቸው።

አራተኛ ክፍለ ጊዜ፦ ግምት በእስክሪብቶ

ግምት የሚጻፈው ከሥዕሉ በኋላ፣ ከስሌቱ በፊት ነው፤ የሚጻፈውም በእስክሪብቶ ነው። ይህን ሕግ ያወጣሁት ከደረሰብኝ ነገር ተነሥቼ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ግምታቸውን በእርሳስ እንዲጽፉ ነግሬያቸው ነበር፤ ስሌቱ ሲያልቅ ግማሹ ክፍል ላጲስ አንሥቶ ግምቱን እየደመሰሰ ትክክለኛውን መልስ ይጽፍበት ጀመር። አንዲት ተማሪ በግምቷ ቦታ «72» ብላ የጻፈችበትን ገጽ ሳይ የተፋቀው ወረቀት ሊቀደድ ደርሷል፤ ከሥሩ 60 የሚለው ጥላው ይታያል። ግምቱ ያልተሳካ መልስ መስሎ ታይቷታል። ዛሬ ሥዕልና ስሌት በእርሳስ፣ ግምት በእስክሪብቶ ይጻፋል፤ ግምት ከመልስ በመለየቱም ነጥብ አይቀነስም።

ግምቱን በሁለት እርከን ያስተምሩ። የመጀመሪያው አቅጣጫ ነው፦ መልሱ ከማውቀው ቁጥር ይበልጣል ወይስ ያንሳል? በማርታ ጥያቄ «ከ48 ያንሳል» ብሎ መጻፍ ብቻ 63ን ያስቀራል። ሁለተኛው እርከን መጠን ነው፤ ቁጥሮቹን ወደ ቅርብ አሥር ወይም መቶ ማጠጋጋት።

ልጅቷ 60 ብላ የገመተችበት ጥያቄ ይህ ነበር፦ «አንድ ደብተር 38 ብር ነው። 6 ደብተር ገዝተህ 300 ብር ብትሰጥ መልሱ ስንት ነው?» 38ን ወደ 40 አጠጋግተን በ6 ስናባዛ 240 ይሆናል፤ ስለዚህ መልሱ 60 ብር ገደማ ነው። እዚህ ላይ ቆም ይበሉና አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ «እውነተኛው መልስ ከ60 ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ዋጋውን ወደ ላይ ስላጠጋጋን ደብተሮቹን ከእውነቱ አስወድደናቸዋል፤ ስለዚህ የሚመለሰው ብር ከ60 መብለጥ አለበት። ስሌቱ 6 × 38 = 228፣ 300 − 228 = 72 ይሰጣል፤ እንደተጠበቀውም ከ60 በልጧል። አንድ ልጅ 6 × 38ን አሳስቶ 248 ቢያገኝ መልሱ 52 ይሆናል፤ 52 ለ60 ከ72 ይልቅ ስለሚቀርብ «ገደማ» በሚለው ብቻ ያልፋል፤ አቅጣጫውን የጻፈ ልጅ ግን ይይዘዋል።

በጥያቄዎቹ ውስጥ የሚገቡት ዋጋዎች ልጆቹ ሱቅ ሲላኩ የሚያውቋቸው መሆን አለባቸው። ብርቱካን በሳንቲም የሚሸጥበት የቆየ ጥያቄ ስሌቱን አያበላሽም፤ ግን ያ የታክሲውን ሹፌር ዕድሜ የመዘነው ልጅ የሚመዝንበትን ልክ ይነጥቀዋል። መልሱ ትልቅ ይሁን ትንሽ በምን ያውቃል?

አምስተኛ ክፍለ ጊዜ፦ መልሱን ወደ ታሪኩ መመለስ

«አረጋግጡ» ሲባሉ ልጆች ያንኑ ስሌት እንደገና ይሠራሉ፤ 48 + 15 ደግሞ ስንት ጊዜ ቢደመር 63 ነው። ማረጋገጥ ማለት መልሱን በሥዕሉ የጥያቄ ምልክት ቦታ ጽፎ ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በመልሱ ማንበብ ነው። «ማርታ 48 ብር አላት። ወንድሟ 63 ብር አለው። የማርታ ገንዘብ ከወንድሟ በ15 ይበልጣል።» ጮክ ብሎ ሲነበብ ውሸቱ ለጆሮ ይሰማል። በ33 ሲነበብ ደግሞ 33 ላይ 15 ሲጨመር 48 መሆኑ ይታያል። ልጆቹ ጥንድ ሆነው አንዱ ያንብብ፣ ሌላው በየዓረፍተ ነገሩ «እውነት» ወይም «ሐሰት» ይበል። መምህሩ በዚህ ጊዜ የሚሠራው እየተዘዋወረ መስማት ብቻ ነው፤ በ50 ተማሪ ክፍል ሁሉን ደብተር ከማረም ይህ ይሻላል።

ቀሪ ያለው ማካፈልም እዚህ ይግባ። መጀመሪያ ያቀረብኩት ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ስለሚደረግ ጉብኝት ነበር፤ አንዱ ልጅ ወዲያው «ቲቸር፣ ሙዚየሙ እኮ እዚሁ ነው፤ በእግር እንሂድ» አለ። እውነቱን ነው፤ ሚኒባሱ አያስፈልግም ነበር። አሁን ጉዞውን ወደ እንጦጦ አድርጌዋለሁ፦ «50 ተማሪዎችና 3 መምህራን ወደ እንጦጦ ይሄዳሉ። አንድ ሚኒባስ 12 ሰው ይጭናል። ስንት ሚኒባስ ያስፈልጋል?» 53 ለ12 ሲካፈል 4 ደርሶ 5 ይቀራል። «4 ቀሪ 5» ብሎ የጻፈውን ልጅ «4 ሚኒባስ መጣ፤ ሁሉም ሞላ፤ ተነሡ። እነማን አራት ኪሎ ቀሩ?» ብለው ይጠይቁት። 4 × 12 = 48፤ አምስት ሰው ቆሟል። መልሱ 5 ሚኒባስ ነው። በሌላ ጥያቄ፣ ለምሳሌ በ53 ብር 12 ብር የሚያወጣ እርሳስ ስንት ይገዛል ቢባል፣ ያው ስሌት 4 የሚል መልስ ይሰጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያሠሩ፤ ማካፈሉ አንድ ሆኖ መልሱን የሚወስነው ታሪኩ መሆኑን ልጆቹ ከዚህ በተሻለ የሚያዩበት ቦታ የለም።

ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ፦ ሦስቱ በአንድ ላይ

የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ 40 ደቂቃ ይወስዳል። «ሁለት እህትማማቾች በድምሩ 126 ብር አላቸው። ታላቋ ከታናሿ በ18 ብር ትበልጣለች። እያንዳንዳቸው ስንት ብር አላቸው?»

ሥዕሉ፦ የታናሿ አሞሌ አጭር ነው፤ ውስጡ የጥያቄ ምልክት። የታላቋ አሞሌ በታናሿ ልክ ይሄድና 18 ብር ተጨምሮበት ይረዝማል። ሁለቱንም በቀኝ በኩል የሚያቅፍ ቅንፍ ይደረግና 126 ይጻፍበታል።

ግምቱ፦ እኩል ቢሆኑ ኖሮ እያንዳንዳቸው 63 ይኖራቸው ነበር። ስለዚህ ታላቋ ከ63 በላይ፣ ታናሿ ከ63 በታች ናቸው። ይህን በእስክሪብቶ ይጻፉ።

ስሌቱ፦ ከታላቋ አሞሌ ላይ ተርፎ የወጣው 18 ቢነሣ ሁለት እኩል አሞሌዎች ይቀራሉ። 126 − 18 = 108፤ 108 ለ2 ሲካፈል 54። ታናሿ 54 ብር፣ ታላቋ 54 + 18 = 72 ብር አላት።

በዚህ ጥያቄ ላይ በየዓመቱ የማገኘው ስህተት አንድ ነው። ልጁ 126ን ለሁለት ከፍሎ 63 ያገኛል፤ ለታላቋ 18 ጨምሮ 81፣ ከታናሿ 18 ቀንሶ 45 ይላል። ግምቱን ያልፋል፤ አንዱ ከ63 በላይ፣ ሌላው በታች ነውና። ድምሩንም ያልፋል፤ 81 + 45 = 126። ልጁ እዚህ ላይ አረጋግጫለሁ ብሎ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ያነበበ ጓደኛው ግን «ታላቋ ከታናሿ በ18 ትበልጣለች» ሲል «ሐሰት» ይለዋል፤ 81 − 45 = 36 ነውና፤ ከሚፈለገው እጥፍ ነው። ታሪኩ ሁለት ነገር ተናግሯል፤ መልሱም ሁለቱን መፈተን አለበት። ለምን እጥፍ ሆነ የሚለውን ለመመለስ የአንደኛውን ቀን የወረቀት ቁራጮች መልሰው ያውጡ፦ ከአንዱ 18 ተቀድዶ በሌላው ላይ ሲቀጠል በመካከላቸው ያለው ርቀት በ36 ይሰፋል። የመጀመሪያ ቀን ትርፉን በሙሉ ቀጥሎ ታናሹን ያስበለጠው ልጅ ይህን ሲያይ ቶሎ ይገባዋል።

ጥያቄውን ቀድመው የጨረሱ ልጆች ራሳቸው ፕሮብሌም ይጻፉ፤ ሕጉ አንድ ነው፦ «ይበልጣል» የሚል ቃል ኖሮት በመቀነስ የሚሠራ መሆን አለበት።

ሥዕሉ የማይረዳበት ቦታ

አሞሌው ሁሉን አይችልም። በስንት ሰዓት ደረሰ፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ የሚሉትን ጥያቄዎች ከአሞሌ ይልቅ ቀጥ ያለ የጊዜ መስመር ይገልጻቸዋል። «25 እጥፍ» ሲባል 25 ሣጥን መሣል ከስሌቱ በላይ ያደክማል። አእምሮው ውስጥ ቀድሞ የሣለው ልጅም አለ፤ ታሪኩን በመልሱ ማንበብ እስከቻለ ድረስ በወረቀት ላይ እንዲሥል አላስገድደውም። ሥዕል ነጥብ የሚያሰጥ ግዴታ ከሆነ ልጆቹ አስቀድመው ሠርተው ሲያበቁ ከመልሱ ላይ ሥዕል ይቀዳሉ። ይህን የሚያውቁበት ምልክት አለ፦ የጥያቄ ምልክት የለም፤ በቦታው መልሱ ተጽፏል።

ከሳምንት በኋላ ያንኑ የሦስት ጥያቄ ፈተና ቁጥሮቹን ብቻ ቀይረው ይድገሙ። የማርታን ዓይነት ጥያቄ አሁንም በመደመር የሚመልሱ ጥቂት ልጆች አይጠፉም። እነሱን በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ወደተሠራው መገልበጥ ይመልሷቸው፤ ካልሆነም ወደ ወረቀቱ። ባለፈው ዓመት ከነበሩት አንዱ እስከ ሰኔ ድረስ ሁለት የወረቀት ቁራጮች በሒሳብ ደብተሩ ውስጥ አጣጥፎ ይይዝ ነበር፤ ጥያቄ ሲመጣ ያወጣቸዋል፣ በግራ ጫፋቸው ያስተካክላቸዋል፣ ከዚያ ነው እርሳሱን የሚያነሣው።